ሳይጠየቁ አንሶላ አለመቀየር፦ ቁጠባ ነው ወይስ የእንግዳን መብት መንፈግ?

ጠያቂው፦ «ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያረፍሁበት ሆቴል አልጋው ላይ ካርድ አስቀምጧል። አንሶላና ፎጣ የሚቀየረው እንግዳው ሲጠይቅ ብቻ ነው ይላል። እኔ የከፈልሁት ግን የሙሉ መስተንግዶ ዋጋ ነው። ይህ ተገቢ ነው? ወጪያቸውስ በእርግጥ ይቀንሳል?»

የሐዋሳው ሥራ አስኪያጅ፦ ተገቢ ነው። በገዛ ቤቱ በየቀኑ አንሶላ የሚቀይር ሰው ማን ነው? ውኃ በፈረቃ እየመጣ፣ ሲጠፋም በቦቴ እየተገዛ፣ ንጹሕ ፎጣ ማጠብ ኃጢአት ነው። ካርዱን ያስቀመጠ ሆቴል የላውንደሪ ወጪውን በግማሽ ይቀንሳል።

የጥገና ኃላፊው፦ ሐሳብዎን እደግፋለሁ፤ «በግማሽ» የሚለውን ግን አልቀበልም። የምሠራበት ሆቴል 40 ክፍሎች አሉት፤ በተራ ቀን 26ቱ ይያዛሉ። ከአንድ ክፍል የሚወጣው አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ 4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በቀን 104 ኪሎ ይታጠባል። ማሽናችን 20 ኪሎ ይይዛል፤ ስለዚህ ስድስት ዙር ያጥባል። ካርዱ የሚሠራው ግን ለሁለተኛ ሌሊት ለሚቆይ እንግዳ ብቻ ነው። እንግዳው የለቀቀው ክፍል ካርድ ኖረም አልኖረም ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። እኛ ዘንድ የሚቆዩት ስምንት ክፍሎች ናቸው። ግማሾቹ ቢስማሙ 16 ኪሎ ይቀራል፤ ስድስቱ ዙር አምስት ይሆናል። እሱም ቢሆን አጣቢው ማሽኑ እስኪሞላ ከጠበቀ ነው። በመጀመሪያው ወር አልጠበቀም። በለመደው ሰዓት የጎደለ ማሽን እያስነሳ ስድስቱንም ዙር ያጥብ ስለነበር የውኃ ሂሳባችን ምንም አልቀነሰም። እንግዶቹ አራትና አምስት ሌሊት የሚያድሩበት፣ ሥልጠናና ስብሰባ የሚያስተናግድ ሆቴል ግን ከእኛ የተሻለ ያተርፋል።

ከዋሽንግተን፦ እዚህ ካርዱ ከተለመደ ቆይቷል፤ የሚጣላበትም የለም። በአሜሪካ በ2008 የታተመ ጥናት «አብዛኞቹ እንግዶቻችን ፎጣቸውን ደግመው ይጠቀማሉ» የሚለው ካርድ «አካባቢን እንጠብቅ» ከሚለው የበለጠ ሰው እንዳሳመነ አሳይቷል። ስለዚህ አጻጻፉም ለውጥ ያመጣል።

ፔንሲዮን ያላት፦ እኔ አሥር ክፍሎች ብቻ ስላሉኝ ካርድ አያስፈልገኝም። የሚያሳስበኝ መብራት ነው። የቦይለሮቹን ሙቀት ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ቅሬታ ያቀረበ እንግዳ የለም።

የጥገና ኃላፊው፦ እህቴ፣ ይህን ዛሬውኑ ያስተካክሉ። ለብ ብሎ የሚከማች ውኃ ሌጂዮኔላ ለሚባለው ባክቴሪያ መራቢያ ነው፤ ሳንባም ያሳምማል። ማጠራቀሚያው 60 ዲግሪ ይሁን፤ ቁጠባውን ከሻወሩ ያግኙት። አሥር ሊትር ባልዲ ሻወሩ ሥር አድርገው ሰዓት ይያዙ። በእኛ ክፍሎች በ35 ሰከንድ ይሞላ ነበር፤ ይህ በደቂቃ 17 ሊትር ነው። 9 ሊትር የሚያወርድ የሻወር ራስ ቀየርን። ስምንት ደቂቃ የሚታጠብ እንግዳ 64 ሊትር ይቆጥባል፤ በ26 ክፍሎች ከ1,600 ሊትር በላይ ማለት ነው፤ ብዙውም የሞቀ ውኃ ነው። አንድ የላውንደሪ ዙር የሚፈጀው ግን 300 ሊትር ገደማ ነው። ካርዱን ሁሉም ያየዋል፣ የሻወሩን ራስ ግን ማንም አያየውም። ከላይኛው ፎቅ ግን ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ነቅለነዋል፤ ውኃው ክር ክር እያለ እንግዳው ረጅም ጊዜ ይቆም ነበር።

የሐዋሳው ሥራ አስኪያጅ፦ ሂሳቡን ተረድቻለሁ። ለካርዱም ቢሆን ሠራተኛ ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ ይሰማኛል።

የክፍል ጽዳት ሠራተኛዋ፦ ሥልጠናው ይቅርና መስቀያ ስጡን። እንግዳው «ደግሜ እጠቀማለሁ» ብሎ ፎጣውን የሚሰቅልበት ቦታ የለውም። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም፤ ከበሩ ጀርባ ያለችው አንዲት ሚስማር ናት። ለሁለት ሰው ሁለት ፎጣ ተደራርቦ ያድራል፤ ጠዋት ስነካው እርጥብ ነው፣ ይሸታል። እንግዳው መሬት ላይ ቢጥለው አልፈርድበትም። ሰቅሎት ሲወጣ ደግሞ ተቆጣጣሪዋ «ክፍሉ አልተሠራም» ብላ ስለምትጽፍብኝ ቀይሬው እወጣለሁ። ካርዱ የተጻፈው ለእንግዳው ብቻ ነው፤ ለእኛ ምን እናድርግ የሚል የለም።

ጠያቂው፦ ይህን አላሰብሁትም ነበር። የእኔም ክፍል መስቀያ አልነበረውም። ሆኖም ሆቴሉ ያጠራቀመው ገንዘብ ለምን ከዋጋዬ ላይ አይቀነስም? አንሶላ ላልተቀየረበት ሌሊት ቁርስ ወይም ቅናሽ ይገባኛል።

የሐዋሳው ሥራ አስኪያጅ፦ ቅናሹን አልስማማበትም፤ በቦቴ ውኃ ስንገዛ ተጨማሪ አልጠየቅንዎትም። መስቀያውን ግን ነገ ጠዋት ከክፍል ወደ ክፍል ዞሬ እቆጥራለሁ።