እቁቡ መጀመሪያ ቢወጣልኝ ይሻላል ወይስ መጨረሻ?

ሄለን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ጓደኞቼና ከጎረቤቶቼ ጋር እቁብ ልንጀምር ነው። 10 ሰዎች ነን፣ በወር 500 እንጥላለን፣ አንድ እጣ 5,000 ማለት ነው። እኔ 4,000 የክሬዲት ካርድ እዳ አለብኝ፣ ወለዱ በዓመት 20 ከመቶ ነው። በእቁቡ ልገላገለው አስቤ ነበር። ልግባ?

ዳዊት፦ ግቢ እንጂ! እቁብ ወለድ የለው፣ ምን ትከስሪያለሽ?

አልማዝ፦ ዳዊት ልጄ፣ ወለድ የሌለው ለእቁቡ ነው፣ ካርዱ ግን ዝም ብሎ አይጠብቃትም። ብዙ ዓመት ሰብስቤያለሁና ልንገራችሁ። ሄለንዬ፣ 10ኛ ከወጣልሽ ካርዱ እስከዚያ በየወሩ ወደ 67 ይቆጥርብሻል፣ ድምሩ ከ600 ያልፋል። ያንኑ 500 በየወሩ ለካርዱ ብትከፍዪ ግን በ9 ወር ገደማ ትጨርሻለሽ፣ ወለዱም የዚያ ግማሽ ነው። መጀመሪያ ከወጣልሽ ነገሩ ይገለበጣል። 4,000ውን በአንዴ ትዘጊያለሽ፣ የሌሎቹን ገንዘብ ያለ ወለድ ተበደርሽ ማለት ነው።

ሚኪ፦ እኔ የቤት ብድር ስጠይቅ እቁቤን በጥሬ ገንዘብ ባንክ አስገብቼ ጉድ ሆንኩ። «ከየት መጣ?» አሉኝ፣ የሚታይ ወረቀት የለኝም። ሰብሳቢያችን ደብዳቤ እስኪጽፍልኝ አንድ ወር ተንገላታሁ። በባንክ ተቀባበሉ።

ትዕግስት፦ እቁቡ ለሐዘንም ያዋጣል? እኛ ጋ አንድ ጓደኛችን አባቷ ሲያርፉ...

አልማዝ፦ የኔ እመቤት፣ እሱ እድር ነው። የእቁብ ገንዘብ የባለተራው ነው፣ ለሐዘን አይነካም።

ሄለን፦ እትዬ አልማዝ፣ ሂሳቡ ገብቶኛል። ግን ለካርዱ 500 እከፍላለሁ ብዬ ስንቴ ተውኩት መሰለዎት! እቁብ ላይ ግን ጎረቤቴ በር ታንኳኳለች፣ እምቢ ማለት የለም።

አልማዝ፦ እንግዲያው ሳይጀመር እውነቱን ንገሪያቸውና የመጀመሪያውን ተራ ለምኚ። ዋስ ማቅረብሽ አይቀርም። ከእጣው የተረፈሽን 1,000 ግን እንዳትነኪው! ያ የ2 ወር መጣያሽ ነው። ሥራ ቢቋረጥብሽ ካርዱ ትንሽ ተቀብሎ ይታገሥሻል፣ እቁቡ ግን 9 ወር ሙሉ በቀኑ 500 ይላል። ካልጣልሽ ዋስሽ ነው የሚከፍለው። ካርዱንም ከዘጋሽ በኋላ መልሰሽ ከሞላሽው እዳሽ ሁለት ይሆናል።

ዳዊት፦ እጣ እጣ ነው እንጂ! ሁሉም ሰው «እዳ አለብኝ» ካለ ማን መጨረሻ ይሆናል?

አልማዝ፦ መጨረሻ ላይ ቢደርሰው የሚመርጥም አለ፣ እጁ ላይ ገንዘብ የማይቆይለት። በየወሩ ልጣል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይድረሰኝ ይላል።

ሚኪ፦ እኔ እንደዛ ነኝ። ግን 9 ሰው ቀድሞኝ ወስዶ አንዱ ቢሰወርስ?

ሄለን፦ እሱን አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ ስንገናኝ የዋሱንም የተራውንም ነገር አነሳዋለሁ።