የትዳር ቤት በአንዱ ስም ብቻ ከሆነ ሲሸጥ የሌላኛው ፊርማ ግዴታ ይሁን?

ሰላም፦ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩበት ቤት በአንዳቸው ስም ብቻ ነው እንበል። ስሙ ያለበት ሰው ብቻውን መሸጥ ይቻለው? ከሸጠስ ማን ይጠበቅ፣ ገዢው ወይስ ቤት ውስጥ ያለው?

ዳዊት፦ ምን ክርክር አለው፣ ትዳር ካለ ሁሉም ግማሽ ግማሽ ነው። ካርታው በማንም ስም ይሁን ሌላኛው ካልፈረመ ሽያጩ ከመጀመሪያውም የለም፣ አለቀ።

ብርሃኑ (ጠበቃ)፦ ዳዊት ግማሹን ልክ ነህ፣ ግን “አለቀ” ያልካት ነገር ብዙ ሰው ጎድታለች። የኢትዮጵያን የቤተሰብ ሕግ ብንወስድ (አዋጅ 213/1992፣ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ የጋራ ቤት ለመሸጥ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ግን ሽያጩ በራሱ ጊዜ አይፈርስም! ያልተስማማው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ይፍረስልኝ ማለት አለበት፣ እሱም ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ግን ውሉ በተደረገ ከ2 ዓመት ሳያልፍ። ለምሳሌ ውሉ መስከረም 1 ተፈርሞ ሚስት ጥር 1 ብታውቅ ሐምሌ ሲገባ ጊዜዋ አለቀ። ያወቀችው ከ1 ዓመት ከ10 ወር በኋላ ከሆነ ደሞ 6 ወር የላትም፣ የቀራት 2 ወር ብቻ ነው።

ሂሩት፦ ጋሽ ብርሃኑ ይሄን የዛሬ ሦስት ዓመት ብሰማ ኖሮ። እኔ መሸጡን ያወቅኩት የማላውቀው ሰውዬ መጥቶ ሳሎኑን ሲለካ ነው፣ ከዛ ዘመድ ተሰብስቦ ቆይ ይመልሳል ገንዘቡን ያካፍልሻል እያለ 8 ወር አለፈ፣ ክስ ስመሠርት የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ ነው ያወቅሽው ሆነ። አሁን የምከራከረው በድርሻዬ ገንዘብ ነው፣ ቤቱ ሄዷል።

ያሬድ፦ አዝናለሁ እህቴ ግን እስቲ በገዢው በኩልም እንየው። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ከፍዬ የገባሁበት ቤት ከዓመት በኋላ በማላውቃት ሴት ክስ ይፈርስብኝ? ሰውዬው አላገባሁም ካለኝ በምን ላውቅ እችላለሁ? መዝገቡ ላይ የሌለ ነገር ገዢን ማሰር የለበትም ባይ ነኝ።

ብርሃኑ፦ የእንግሊዝ ሕግ ወደ ያሬድ ሐሳብ ይጠጋል። እዛ ቤቱ በባሏ ስም ብቻ ቢሆንም ሚስት ቤቱ ውስጥ የመኖር መብት አላት፣ ግን ገዢውን እንዲያስር መሬት መዝገብ ላይ ማስመዝገብ አለባት። HR1 የሚባል ቅጽ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ የባልየው ፈቃድም አያስፈልግም። ማስታወሻው ካለ የገዢው ጠበቃ መዝገቡን ሲያይ ያገኘዋል፣ እሷ ሳታስነሳው ጤነኛ ገዢ ገንዘቡን አይለቅም። ካላስመዘገበች ግን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ እንኳ ያ መብት ገዢው ላይ አይሠራም። ከገንዘብ ድርሻ ጋርም አታምታቱት፣ ይሄ የመኖር መብት ነው፣ ፍርድ ቤት ካላራዘመው በፍቺ ያበቃል።

ያሬድ፦ በቃ ይሄ ነው ፍትሐዊ።

ሂሩት፦ ለማን ነው ፍትሐዊ? በሰላም እየኖረች ሄዳ ባሏ ላይ የምታስመዘግብ ማን ናት?

ብርሃኑ፦ ይባስ ብሎ መዝገብ ቤቱ ለባልየው ደብዳቤ ይልካል። ስለዚህ የሚያስመዘግበው በአብዛኛው ጠብ ከጀመረ በኋላ ነው፣ አንዳንዴ ሽያጩ ይቀድማል። እዚህ ላይ ከሂሩት ጋር ነኝ።

ትዕግስት፦ እኔና ወንድሜ ከአባታችን የወረስነው ቤት በሱ ስም ብቻ ነው የዞረው፣ ለኔም ይሠራል ይሄ?

ብርሃኑ፦ አይሠራም ትዕግስት፣ ያንቺ የውርስ ጉዳይ ነው። የወራሽነት ማስረጃሽን ይዘሽ ቶሎ ሰው አማክሪ፣ የምንቆጥረው ቀን ሌላ ነው።

ዳዊት፦ እሺ ቤቱን ከትዳር በፊት ገዝቶት ከነበረስ?

ብርሃኑ፦ ዋናው ቀዳዳ እሱ ነው። በኢትዮጵያው ሕግ የግል መሆኑን ካስረዳ ብቻውን ይሸጣል፣ ሃያ ዓመት ልጆች ያሳደጉበት ቢሆንም። የፈረንሳይ ሕግ ግን የቤቱን ባለቤት አይጠይቅም፣ ቤተሰቡ የሚኖርበት ነው ወይ ነው የሚለው፣ ከሆነ የግሉ ቢሆንም ሁለቱም ካልተስማሙ ሽያጩን ማስፈረስ ይቻላል፣ ቤቱ መሸጡን ባወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ። እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ዳዊት፦ ይሄን አልቀበልም። ከማግባቴ በፊት ላቤን አፍስሼ የገዛሁትን ለመሸጥ ፈቃድ ልጠይቅ?

ሂሩት፦ ሽጠው ማን ከለከለህ፣ ልጆቼ ሰው ሳሎን ሲለካ ከሚያዩ ግን ቀድመህ ንገረን ነው የምንለው።

ያሬድ፦ ፊርማው ግዴታ ይሁን ከተባለ እንኳ ማግባቱ መዝገቡ ላይ ይጻፍና ገዢም ይወቀው። ያኔ እኔም እስማማለሁ።