ዓይኔ ብርሃን አልችል አለ፤ ቀጠሮዬን ልጠብቅ?

እባካችሁ እርዱኝ። አለርጂ ሲነሳብኝ ሁለቱም ዓይኖቼ ያሳክካሉ፣ ቀጭን እንባ ያነባሉ። የአሁኑ ሌላ ነው። ኮንታክት ሌንስ እንዳደረግኩ ተኝቼ አደርኩ። በማግስቱ ቀኝ ዓይኔ ብቻ ቀላ፤ ቢጫ ፈሳሽ ሽፋሽፍቴን አጣበቀው። ተራ ኢንፌክሽን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ይቆረቁራል እንጂ እንዲህ አያምም አይደል? ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሕመሙ ከውስጥ ነው፤ ብርሃን መቋቋም አልቻልኩም። ፈሳሹን ጠርጌም እይታዬ ብዥ እንዳለ ነው። ቅላቱ በጥቁሩ ዙሪያ ይበረታል።

ሌንሱን አውልቄዋለሁ። እህቴ የተረፋትን ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሰጠችኝ፤ ኮርኒያ በሚባለው የዓይን የፊት ሽፋን ላይ ቁስል ካለ ያባብሰዋል ስለሚባል አልነካሁትም።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮዬ ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ ልጠብቅ ወይስ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ልሂድ?