ለለጋሹ መዘግየታችንን እንዴት ብዬ ልጻፍ?

ሰላም ወገኖች፣ በጣም ጨንቆኛል። የምሠራው ባሕር ዳር ባለ ትንሽ ድርጅት ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጣና ዳር፣ የእጅ ፓምፕ ያላቸው 12 ጉድጓዶች እስከ ሰኔ መጨረሻ ልናስረክብ ነበር። ያለቁት 5 ብቻ ናቸው። አርብ ለለጋሹ ኢሜይል መላክ አለብኝ።

አለቃዬ «ዝናቡ ነው በይ» ይሉኛል። ክረምት ሜዳው በውኃ መሞላቱ እውነት ነው፤ ግን ፓምፖቹን ዘግይተን ያዘዝነው እኛው ነን፣ በጋው ያመለጠንም በዚያ ነው። ብደብቀው የግዢ ሰነዱ ላይ ቀኑን አይተው ይደርሱበታል።

እስካሁን የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ከ12ቱ 5ቱ አልቀዋል። ፓምፖቹን ዘግይተን በማዘዛችን በጋው አለፈን። አሁን የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ስለወጣ በጥልቀት መቆፈር አይቻልም፤ አሁን የተቆፈረ ጉድጓድ ሚያዝያ ላይ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ቀሪዎቹን 7 ከየካቲት እስከ ግንቦት እንቆፍራለን። ፓምፖቹ መጋዘን ገብተዋል። ያልወጣው ገንዘብ ባንክ አለ፣ ተጨማሪ አንጠይቅም።»

የጊዜ ማራዘሚያውን እዚሁ ልጠይቅ ወይስ መጀመሪያ ልደውልላቸው? ደግሞ በየወሩ ስንት እንደምንጨርስ ልጻፍ? አንዱ ወር ቢዛነፍ ሁለተኛ ቃል ማጠፍ እንዳይሆንብን ፈርቻለሁ። እንዲህ ያለ ኢሜይል የጻፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከአርብ በፊት ንገሩኝ።