ትኋን አላስተኛ አለኝ፤ ማስረጫውን ማን ይክፈል?

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ማራኪ ሰፈር ያለው ቤትዎ ተከራይ ነኝ። መጀመሪያ ቁንጫ መስሎኝ ነበር። ትናንት ሌሊት በባትሪ ሳይ ግን ትኋን ነው። የፍራሹ ስፌት ላይ የቀለም ጠብታ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ራሱ ትኋኑ የአልጋው መገጣጠሚያ ውስጥ ተሸጉጧል።

አንሶላውን በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ አልጋው ላይም ደፋሁበት። ከሱቅ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። ሦስት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ። የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ስላለ አልደርስበትም። መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ እንቁላሉን አይገድለውም፤ በሳምንት በአሥር ቀን ይፈለፈላል። ስለዚህ ባለሙያ ይርጭልን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይድገም። ከጎረቤቴ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለምንገናኝ የእሷም ክፍል አብሮ ይረጭ። አለዚያ ከእሷ ወደ እኔ መመላለሱ ነው።

ክፍያውስ? ውላችን ስለዚህ ምንም አይልም። አልደብቅዎትም፣ ያገለገለ አልጋ ገዝቻለሁ፤ ከዚያ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቴ ግን እኔ ሳልገባም ነበር ትላለች። የእኔ ሐሳብ፣ ማስረጫውንና የግድግዳውን ልስን እርስዎ ቢችሉ፣ አልጋውንና ፍራሹን እኔ ልቻል። ካልተስማሙ እንነጋገር። ብቻ እስከ ቅዳሜ ያሳውቁኝ፤ ዕቃውን ከግድግዳው ማራቅ አለብኝ።