የፔንዱለም ሠንጠረዤና መስመሬ ያሳምናሉ ወይ?

ጠያቂዋ (11ኛ ክፍል)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የፔንዱለም ላብ ሪፖርት ነገ ከሰዓት አስረክባለሁ። በየርዝመቱ 10 ውዝዋዜ እየቆጠርን ጊዜውን በስልክ ያዝን። ደብተሬ ላይ ያለው ይሄ ነው፦

| ርዝመት (ሴ.ሜ) | የ10 ውዝዋዜ ጊዜ (ሰከንድ) | T² |
|---|---|---|
| 20 | 9.3 | 0.86 |
| 40 | 12.9 | 1.66 |
| 60 | 15.7 | 2.46 |
| 80 | 16.3 | 2.66 |
| 100 | 20.2 | 4.08 |

መስመሩን ከዜሮ አስነስቼ እስከ መጨረሻው ነጥብ አሰመርኩት፤ g 9.68 ወጣልኝ። የ80ው ነጥብ ግን ከመስመሩ በጣም ወርዷል። እንዲህ ባስረክበው ያሳምናል?

ሁለተኛ ዓመት ሲቪል፦ የ80ውን ሰርዢው፣ የቀረው ጥሩ ነው። ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ ጊዜውም ዜሮ ስለሆነ መስመሩ በዜሮ ማለፍ አለበት፤ እሱን በትክክል ሠርተሻል። 9.68 ደግሞ ከ9.8 ብዙም አይርቅም።

የፊዚክስ መምህር፦ የ80ው ነጥብ ጥፋት እንዳለበት እስማማለሁ፤ መሰረዙ ላይ ግን አልስማማም። ተማሪ ደብተር ሲያመጣልኝ ግራፉን ከማየቴ በፊት የT² ዓምድን ከላይ ወደ ታች እየቀነስኩ እሄዳለሁ። ርዝመቱ በእኩል 20 ሴ.ሜ እየጨመረ ስለሆነ ጭማሪውም እኩል መሆን አለበት። ያንቺ 0.80፣ 0.80፣ ከዚያ 0.20፣ ከዚያ 1.42 ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ሲበላሽ እንዲህ ይሆናል፤ አንዱ ልዩነት ሲያንስ ቀጣዩ የጎደለውን ይዞ ይመጣል።

አሁን 16.3ን ለ10 ሳይሆን ለ9 አካፍዪው። 1.81 ይሆናል፤ ካሬው 3.28 ነው፣ ከ60ው ነጥብ በ0.82 ይበልጣል። ቆጣሪው ኳሱን ሲለቅ «ዜሮ» በማለት ፈንታ «አንድ» ብሎ ከጀመረ የሚገኘው 9 ውዝዋዜ ነው። በየዓመቱ የማየው ስህተት ነው።

ስለ ዜሮው ደግሞ፦ መስመርሽን ከነጥቦቹ ጋር አስተያዪው። 20 ላይ ነጥቡ ከመስመሩ በ0.04 ከፍ ይላል፣ 40 ላይ በ0.03፣ 60 ላይ በ0.01። የእጅ ስህተት ቢሆን ኖሮ ነጥቦቹ ከላይም ከታችም ይበተኑ ነበር። እዚህ ሁሉም ከላይ ናቸው፣ ክፍተቱም እየጠበበ ይሄዳል። መስመሩን በግድ ወደ ዜሮ ስበሽዋል ማለት ነው። ግልጽ ማስመሪያ በአራቱ ደህና ነጥቦች ላይ አጋድመሽ ወደወሰዱሽ ብትሄጂ ስሎፑ 4.03 አካባቢ፣ g 9.8 አካባቢ ይመጣል፤ መስመሩም ቋሚውን ዘንግ 0.055 አካባቢ ይቆርጣል። ክሩን የለካችሁት እስከ የት ነው?

የኬሚስትሪ ተማሪ፦ እኔ የኦም ሕግ ስንሠራ 0.29 አምፔር ብዬ የጻፍኩትን ቤት ገብቼ 0.24 ብዬ አነበብኩት፤ 9ኙ አናቱ ክፍት ነበር። አንድ ነጥብ ከመስመር ወጣብኝ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስሌት ስፈትሽ አደርኩ። የአንቺም 18.3 ሊሆን ይችላል፤ 8 በጥድፊያ ሲጻፍ 6 ይመስላል።

ጠያቂዋ፦ መምህር፣ የለካነው ክሩ ኳሱ ላይ እስከተቋጠረበት ድረስ ነው። 16.3ን ደግሜ አየሁት፤ የ6ቱ ጭራ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ እኔም አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ቆጣሪው ጓደኛዬ ነበር፣ እንዴት እንደጀመረ አያስታውስም።

የፊዚክስ መምህር፦ 18.3 ከሆነ T² 3.35 ነው። ከመስመሩ ከፍ ቢልም በእጅ ለተያዘ ጊዜ አይበዛም፤ ጣት 0.2 ሰከንድ ብትዘገይ እዚያ ርዝመት ላይ T² በ0.07 ይለወጣል። ስለዚህ ከወረቀቱ ብቻ 9 ውዝዋዜ ይሁን 8 ቁጥር መለየት አይቻልም። አንዱን መርጠሽ ቁጥሩን አታስተካክዪ። ላብ መግባት ከቻልሽ 80ውን ሦስቴ ድገሚው። ካልቻልሽ ቁጥሩን እንዳለ ተዪው፣ ግራፉ ላይ ክበቢው፣ መስመሩ ውስጥ እንዳላስገባሽው ከነጥርጣሬሽ ጻፊ።

የቋጠሮው ነገር ግን ብዙ ይገልጻል። ፔንዱለሙ የሚቆጠረው እስከ ኳሱ መሀል ነው፤ እናንተ የኳሱን ግማሽ በየረድፉ አጉድላችኋል። 0.055ን ለ4.03 ስታካፍዪ 0.014 ሜትር ማለትም 1.4 ሴ.ሜ ይመጣል። ኳሱ ወደ 3 ሴ.ሜ የሚጠጋ ውፍረት ካለው መስመሩ ዜሮን የሳተው በዚህ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ሲቪል፦ እሺ፣ በዜሮ ማለፍ አለበት ያልኩት ለትክክለኛው ርዝመት ነው እንጂ ለለካችሁት አልነበረም። ግን 0.055 ራሱ የጣት ስህተት ሊሆን አይችልም?

የፊዚክስ መምህር፦ ሊሆን ይችላል። 20 ሴ.ሜ ላይ የ0.2 ሰከንድ መዘግየት 0.04 ያህል ነው፣ ከ0.055 ብዙ አያንስም። ኳሱ ሳይለካ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

ጠያቂዋ፦ የላብ ረዳቱ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይከፍትልኛል። ኳሱን በካሊፐር እለካለሁ፣ 80ውንም ራሴ ከዜሮ ጀምሬ እቆጥራለሁ። የመጣውን እዚሁ እጽፋለሁ።