«User not found» እያለኝ ተቸገርኩ፤ ነጥቧ ትሆን?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ለስኮላርሺፕ ያመለከትኩበት ድረ ገጽ አላስገባ አለኝ። ኢሜይሌን ስጽፍ "User not found" ይላል። የይለፍ ቃል እንኳን ገና አልጠየቀኝም። ማስረጃ ማስገቢያው ደግሞ ዓርብ ያበቃል፤ በጣም ጨንቆኛል።

ስልኬ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርጋታል። ወደ ትንሽ መለስኳት፤ ለውጥ የለም። ኪቦርዱ ያቀረበልኝን ኢሜይል ስነካው ደግሞ ከ gmail.com በኋላ ባዶ ቦታ ይጨምራል። ይሄን ያወቅኩት መጨረሻው ላይ አንዴ ስሰርዝ ምንም ፊደል ስላልጠፋ ነው። እሱንም አስተካከልኩ፤ አሁንም እምቢ አለ።

አሁን የጠረጠርኩት ነጥቧን ነው። በኢሜይሌ ውስጥ በስሜና በአባቴ ስም መካከል ነጥብ አለ። ጂሜይል ነጥብ አይቆጥርም፤ ኖረም አልኖረም መልእክቱ እኔው ጋ ይደርሳል። ድረ ገጹ ግን ሁለት የተለያየ ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። ያለ ነጥብም ሞከርኩ፤ ያው ነው።

የቀረኝ የድሮው የያሁ ኢሜይሌ ነው፤ እሱን ከከፈትኩት ዓመት አልፎኛል። ስመዘገብ የትኛውን እንደጻፍኩ ማወቂያ መንገድ አለ? የማረጋገጫ መልእክቱን ጂሜይሌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። አዲስ አካውንት ብከፍትስ የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ይጠፋብኛል?